የ2 ዓመት ልጄ ፓፍ በስፔሰር ስሰጠው ያለቅሳል፤ መድኃኒቱ እየገባለት ነው?

የናቲ እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሰሞኑን ብሶበት ሆስፒታል ወስደነው ነበር። ሲሻለው ሳልቡታሞል ፓፍና ማስክ ያለው ስፔሰር ታዘዘልን። ለጥቂት ቀን በቀን 4 ጊዜ ሁለት ሁለት ፓፍ፣ ከዚያ በኋላ ሲር ሲር ሲለው ብቻ ስጡት ተባልን።

ማስኩን ገና ሲያይ ጩኸቱን ያቀልጠዋል። አባቱ እጁን ይይዘዋል፣ እኔ ሁለቱን ፓፍ አከታትዬ ወደ ስፔሰሩ እጫንና ማስኩን ፊቱ ላይ አደርግለታለሁ። አማቴ «ሲያለቅስ እኮ በደንብ ነው የሚስበው፣ ተይው ያልቅስ» ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሞ አንዱ ባለሙያ 5 ትንፋሽ ጠብቂ ይላል፣ ሌላው 10። ተኝቶ ሳለ ብሰጠውስ?

ጋሽ አለሙ

ልጄ፣ እኔ ከአስም ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ስሚኝ። መጀመሪያ ያለውን አየር በሙሉ ማስወጣት ነው። ከዚያ አፍ ላይ ገጥሞ፣ በዝግታ እየሳቡ አንዴ መጫን። ከዚያ እስከ 10 ቆጥሮ ትንፋሽ መያዝ። ትንፋሹን ካልያዘው መድኃኒቱ ተመልሶ ይወጣል። እኔ ስፔሰር የሚሉትን ነገር አልወደውም፣ ኪስ ውስጥ አይገባም። ልጁንም ከአሁኑ አስለምጂው።

የናቲ እናት

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን ልጁ ገና 2 ዓመቱ ነው። ትንፋሽህን ያዝ ብለው የሚይዘው እህቱን ነው።

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ጋሼ ያሉት ለአዋቂ ትክክል ነው። ለ2 ዓመት ልጅ ግን አይሆንም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መተንፈስ ብቻ ነው የሚችለው፣ ስለዚህ ሥራውን ስፔሰሩና ማስኩ ይሠሩለታል።

የናቲ እናት፣ ከመመለሴ በፊት ጥቂት ነገር ንገሪኝ። ልጁ ስንት ኪሎ ነው? ማስኩ አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል ወይስ ዓይኑ ጋ ይደርሳል? ፓፉን ትነቀንቂዋለሽ? ሲተነፍስ የስፔሰሩ ቫልቭ ሲንቀሳቀስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከሁሉም በፊት ግን ዛሬ እንዴት ነው? ከጎድን አጥንቱ በታች ስርጉድ ስርጉድ እያለ የሚተነፍስ ከሆነ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ፍዝዝ ካለ እዚህ ቁጭ ብለሽ አትጻፊ። ፓፉን እየሰጠሽው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የናቲ እናት

አይ፣ ዛሬ ደህና ነው። ይሮጣል፣ ይበላል። ማታ ማታ ብቻ ያስለዋል። 12 ኪሎ ነው። ማስኩ ልኩ ይመስለኛል፣ ግን ሲያለቅስ ጉንጩ ጋ ይከፈታል። ፓፉን መጀመሪያ ላይ አንዴ እነቀንቀዋለሁ። ቫልቭ የሚባለው የቱ ነው?

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ማስኩ ከስፔሰሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለችው ስስ ልባስ ናት። ልጁ አየር ሲስብ ትከፈታለች፣ ሲያወጣ ትዘጋለች። የምትተማመኚው በእሷ ነው። ካልተንቀሳቀሰች ልጁ የሚተነፍሰው በማስኩ ዳር የገባውን የክፍሉን አየር ነው፤ መድኃኒቱ ስፔሰሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ለቅሶው። አማትሽ የሚሉትን ብዙ ሰው ያምናል፣ ባለሙያም ጭምር። ግን ልጅ ሲያለቅስ ልብ ብለሽ እዪው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው አየር ነው፣ ረጅም ጩኸት። የሚስበው በመሃል ነው፣ ያውም አጭርና ፈጣን። አየሩ በፍጥነት ሲገባ የመድኃኒቱ ጠብታዎች ጉሮሮ ላይ ይጋጩና ይለጠፋሉ፣ ከዚያ ይዋጣሉ። ሳንባ የሚደርሰው በጣም ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ፊቱን ሲያጨማድድና ሲያዞር ማስኩ ይከፈታል። ትንሽ ክፍተት እንኳ የሚገባውን መጠን በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ እያለቀሰ የወሰዳትን ፓፍ እንደ ሙሉ መጠን አትቁጠሪያት።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። አንቺ መጀመሪያ ትጫኚያለሽ፣ ከዚያ ማስኩን ታደርጊያለሽ። የተረጨው ነገር አየር ላይ አይቆይልሽም። በሰከንዶች ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፣ የፕላስቲኩ ግድግዳ ላይም ይለጠፋል። ስለዚህ ማስኩ ይቅደም። ከአገጩ ጀምረሽ ወደ ላይ አስጠግተሽ አስቀምጪው፣ ዙሪያውን መግጠሙን እዪ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሲተነፍስ ቫልቯ መንቀሳቀሷን እዪ፣ ከዚያ አንዴ ተጫኚ። ማስኩን ሳታነሺ ትንፋሹን ቁጠሪ።

ሦስተኛ፣ ፓፉን በእያንዳንዱ ጊዜ ነቅንቂው። መጀመሪያ አንዴ ብቻ አይበቃም። አብዛኛው የሳልቡታሞል ፓፍ ውስጥ መድኃኒቱ በፈሳሹ ውስጥ የተበተነ ዱቄት ነው። ትንሽ ሲቆም ይዘቅጣል። ካልነቀነቅሽው አንዱ ፓፍ ቀጭን ይሆናል፣ ሌላው ወፍራም። አዲስ ከሆነ ወይም ለቀናት ካልተነካ ጥቂት ጊዜ ወደ አየር እረጪና ጀምሪ። ስንቴ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ከአምራች አምራች ይለያያል። ስትሰጪውም ጣሳዋ ወደ ላይ ቀጥ ትበል።

5 ነው 10 ለሚለው፣ ሁለቱም ባለሙያዎች አልተሳሳቱም። 12 ኪሎ የሆነ ልጅ በአንድ ተራ ትንፋሽ የሚስበው ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው ስፔሰር ብዙ ጊዜ 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይይዛል። ማስኩ ውስጥ የሚቀረውን አየር ብትቀንሺ እንኳ በሦስት አራት ትንፋሽ አብዛኛው ይገባለታል። 5 ወይም 6 የረጋ ትንፋሽ ይበቃል የሚባለው ለዚህ ነው። ጨቅላ ከሆነ ወይም ስፔሰሩ ትልቅ ከሆነ ወደ 10 ይጠጋል። የረጋ ትንፋሽ ነው ያልኩት፣ ቫልቯን እያየሽ የምትቆጥሪው።

ከዚያ ማስኩን አንሺ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይረፍ፣ እንደገና ነቅንቂ፣ ሁለተኛውን ስጪ።

ፋርማሲ ቤት ነኝ

ሲስተር ያለችው ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ አበዛችው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ፓፍ አንዴ ስፔሰር ውስጥ ተጭኖ ሲሰጥ ራሴ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የኪስ መጽሐፍም ሁለት ፓፍ አስገብታችሁ ከ3 እስከ 5 ትንፋሽ ይተንፍስ ነው የሚለው። ስለዚህ እናትየዋ ሁለቱን አብራ መጫኗ ጥፋት አይደለም። ስፔሰሩን ደግሞ በየቀኑ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይወልወል። ፓፉ ማለቁን ለማወቅ ጣሳዋን ውሃ ውስጥ ጣል ማድረግ ነው። ከተንሳፈፈች አልቋል።

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ስለ መጽሐፉ እውነትህን ነው፣ እንደዚያ ይላል። ከ5 ዓመት በታች ለሆነና ለታፈነ ልጅ በተከታታይ እስከ 6 ፓፍ ድረስ ነው የሚለው። እሱ ግን የተጻፈው ልጁ አየር አጥሮት፣ አልጋው ሞልቶ፣ ነርሷ አንድ ሆና ለሚሠራበት ሁኔታ ነው። ሁለቱ አንዴ ሲረጩ ጠብታዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ይገዝፋሉ፣ ይወርዳሉ። ከእያንዳንዷ ፓፍ የሚገኘው ያንሳል። ቤት ውስጥ ጊዜ እያለ ለምን ይባክናል? በዚህ ላይ ከአንተ ጋር አልጣላም፣ በኛ ክፍልም አንዳንዱ እንደዚያ ይሰጣል።

ውልወላው ላይ ግን አልስማማም። ፕላስቲክ በጨርቅ ሲፈተግ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ማበጠሪያ ፀጉር የሚስበው በዚያ ነው። መድኃኒቱንም እንደዚያ ወደ ግድግዳው ይስበዋል። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርገሽ ነክረሽ፣ አንቀጥቅጠሽ፣ አውጥተሽ በራሱ ይድረቅ። የሳሙናው ስስ ሽፋን ውስጡ ላይ መቅረቱ ጥሩ ነው፣ ኤሌክትሪኩን ይቀንሰዋል። የልጁን አፍ የሚነካውን ማስኩን ብቻ አለቅልቂው። አዲስ ስፔሰርም ከመጀመሪያው ቀን በፊት እንደዚህ ቢታጠብ ይመረጣል። በየቀኑ መታጠብም አያስፈልገውም፤ በሳምንት አንዴ የሚል አለ፣ በወር አንዴ የሚል አለ።

ጣሳ ማንሳፈፍ የድሮ ነገር ነው። ውሃ ላይ መንሳፈፏ ስንት መጠን እንደቀረ አይናገርም፣ ውሃው ደግሞ የመርጫዋን ቀዳዳ ሊደፍናት ይችላል።

ብሩክ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለልጄ የተሰጠን ስፔሰር ወረቀቱ ላይ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት ይላል። ኤሌክትሪክ የማይዝ ፕላስቲክ ነው ተብሏል። እኔ በወረቀቱ ነው የምሄደው። ሲስተር፣ አታለቅልቁ ያልሽው ለሁሉም ነው?

ሌላው፣ የእኛው ፉጨት አለው። ልጁ በጣም ቶሎ ሲስብ ያፏጫል። እኛ ደስ ብሎት ያስፏጨዋል ብለን ስናበረታታው ቆየን። በኋላ ነርሷ «ፉጨት ከሰማችሁ ቀስ ይበል ማለት ነው» አለችን።

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ለሁሉም አይደለም ወንድሜ። እንዳንተ ዓይነቱ ከሆነ ወረቀቱ የሚለውን አድርግ። እዚህ በብዛት የሚገኘው ተራ ፕላስቲክ ነው፣ ወረቀትም አብሮት አይመጣም፤ ያልኩት ለእሱ ነው።

ትግስት ወ. (ወልዲያ)

እናንተ ስለ ቫልቭና ፉጨት ታወራላችሁ። እኛ ጋ ፓፉ አለ፣ ስፔሰር ግን ፋርማሲውን ሁሉ ዞሬ አጣሁ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ፓፉን አፏ ውስጥ በቀጥታ ስረጭላት ምላሷ ላይ ይቀራል፣ መረረኝ ትላለች። በሃይላንድ ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቀልድ ነው?

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ቀልድ አይደለም። ኬፕ ታውን ውስጥ የሕፃናት ሐኪሞች ሞክረውት በ1999 ውጤቱን አሳትመዋል። ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፓፉ የገባበት ቀዳዳ በደንብ ከታሸገ፣ የተገዛውን ስፔሰር ያህል ሠርቷል። አብረው የሞከሩት የስታይሮፎም ኩባያ ግን እንደዚያ አልሆነም፣ በተለይ ደረታቸው በጣም ለተዘጋ ልጆች። በዚያ ጥናት የነበሩት ልጆች ከአንቺ ልጅ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ያንን ያዢልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰጂ፣ በላርጎ እጠቢው፣ ሳትወለውዪው ይድረቅ። ሽቦ አጥፈሽ የፓፉን አፍ ቅርጽና መጠን አስይዢው። ከዚያ ሽቦውን አግይና የጠርሙሱ ቂጥ ላይ ተጫኚው፣ በልኩ ይበሳዋል። በቢላ የተቀደደ ቀዳዳ ዳሩ ይተረተራል፣ አይገጥምም፣ ስባሪም ይወድቃል። ሽቦው ከበሳው በኋላ የተቆረጠው ነገር ውስጥ አለመቅረቱን አራግፈሽ እዪ። ፓፉ ሲገባ ጥብቅ ማለት አለበት፣ ትንሽ ክፍተት ካለ በፕላስተር ዙሪያውን አሽጊው።

የጠርሙሱን አንገት ልጅሽ በከንፈሯ ገጥማ ትይዛለች። ጥርሷ ከአንገቱ ጫፍ ውጪ፣ ምላሷም ቀዳዳውን አይዘጋ። ስትጀምሪ ሁለት ሦስት ጊዜ በአፏ ብቻ ትተንፍስ፣ ከዚያ መሳብ ስትጀምር ተጫኚ። ይህኛው ቫልቭ የለውም። ስታወጣም ወደ ጠርሙሱ ነው የምታወጣው። ስለዚህ ጊዜው ይወስናል፣ ጠርሙሱም ትልቅ ስለሆነ 10 ትንፋሽ ያህል ጠብቂ። በአፍንጫዋ የምትተነፍስ ከሆነ መድኃኒቱ እዚያው ይቀራል፤ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ቀስ ብለሽ ያዢላት።

ከዚህ ያነሰ ልጅ ከሆነ ማስክ ያስፈልገዋል። ማስክ ከሌለ ቂጡ የተበሳ ለስላሳ የፕላስቲክ ኩባያ አንገቱ ላይ ተገጥሞ ፊት ላይ ይደረጋል። ይሠራል፣ ግን ዙሪያውን መግጠሙ ያስቸግራል። ስፔሰር ባገኘሽ ቀን ቀይሪው።

ዮናስ ኬ.

ስለ እንቅልፍ የጠየቀችውን ማንም አልመለሰላትም። እኛ ለሴት ልጃችን ሁሌም ተኝታ ነው የምንሰጣት፣ ምንም አትነቃም። በጣም ቀላል ነው፣ ሞክሩት።

የሦስት ልጆች አባት

የእኛው ደግሞ ማስኩ ሲነካው ዘሎ ይነሳል። ከዚያ በኋላ መኝታ ቤት መግባት ራሱ ፈራ። ሁሉም ልጅ አንድ አይደለም ዮኒ።

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ካልነቃች ይሆናል። ብዙ ልጆች ግን ማስኩ ሲነካቸው ይነቃሉ፣ ሲነቁም ከቀኑ የባሰ ይታገላሉ። እኔ ለናቲ እንደ መጀመሪያ አማራጭ አልመክረውም። ዮናስ የሚሠራለትን መተው የለበትም፣ ቫልቯን ብቻ ይይ፤ የተኛ ልጅ ትንፋሹ ዝግ ያለ ነው።

ለናቲ ከዚህ ልጀምር እል ነበር። ደህና በሆነበት ሰዓት፣ ፓፉን ሳትሰኪ፣ ስፔሰሩን ብቻ ስጪው። ይያዘው፣ ለአባቱ ያድርግለት፣ አሻንጉሊቱ ላይ ያድርግ። አንቺም አድርጊው። ለእሱ ስታደርጊለት መጀመሪያ ለአንድ ትንፋሽ ብቻ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ እየቆጠራችሁ አምስት። መድኃኒቱ ሲገባ ደግሞ «ጭስ» የምትለዋ ድምፅ ታስደነግጠዋለች፤ ባዶውን ሲለምድ ራቅ አድርገሽ ድምፁን አሰሚው።

አያያዙ ላይ፣ አባቱ እጁን ከፊት ለፊት ሲይዘው ትግል ይሆናል። ጭንሽ ላይ አስቀምጪው፣ ጀርባው ደረትሽ ላይ ይደገፍ፣ አንድ ክንድሽ እጆቹን አቅፎ ይያዝ። በሌላው እጅሽ ስፔሰሩን ትይዣለሽ፣ አባቱ ይጫን። ፊት ለፊታችሁ መስታወት ብታስቀምጪ እሱም ያያል፣ አንቺም ማስኩ ዙሪያውን መግጠሙን ታያለሽ።

የናቲ እናት

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። መስታወቱ ሠራ! አሻንጉሊቱ አሁን ከእሱ በላይ አስም ያለበት ይመስላል። ጠዋት ላይ ሳያለቅስ ሁለቱንም ወሰደ፣ ቫልቯም ከፈት ዘጋ ስትል አየኋት። ማታ ግን ደክሞት ነበር፣ አንዷን ፓፍ ሙሉ በሙሉ በለቅሶ ጨረሳት። እንደዚህ ሲሆን ይደገምለት? ወይስ ይቆጠራል?

ፋርማሲ ቤት ነኝ

ይደገምለት። አልገባም ካልን አልገባም ነው።

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

እንደዚያ በደፈናው አልልም። የተዋጠውም ቢሆን ሰውነት ውስጥ ገብቷል፣ ልብ ትርትር ሊያደርገው፣ እጁን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ልጁ እየተጫወተ ከሆነና ሲር የሚል ነገር ከሌለው እተወዋለሁ፣ ቀጣዩን ሰዓት እጠብቃለሁ። ሲር ሲር እያለው ከሆነ አረጋጋዋለሁ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቄ ደረቱን አያለሁ፣ ካልተሻለው እሰጠዋለሁ። ድንገት ሲታፈን ስንት ፓፍ፣ በየስንት ደቂቃው፣ መቼ ወደ ሆስፒታል የሚለውን ግን ያከመው ሐኪም በወረቀት ላይ ይጻፍልሽ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስፔሰሩን ይዘሽ ሂጂ፣ እፊታቸው ስጪው፣ አሰጣጥሽን ይዩት።

ብሩክ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

ለእኛ ሐኪሙ ሌላ የመከላከያ ፓፍም ጨምሮልናል፣ ጠዋትና ማታ። ከእሱ በኋላ ፊቱን አጥቡት፣ ውሃ አጠጡት ተብለናል። ይህ ለሳልቡታሞልም ነው?

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ለሳልቡታሞል ግዴታ አይደለም። ያንተው ስቴሮይድ ያለበት ነው። አፍ ውስጥ ከቀረ ነጭ ነጭ ፈንገስ ያወጣል፣ ማስኩ የነካው ቆዳም ሊቆጣ ይችላል። ለዚያ ነው የሚታጠበው። ጥርስ ከመቦረሽ በፊት ብትሰጡት ይቀላችኋል።

ጋሽ አለሙ

እኔ እስከዛሬ ትንፋሽ እይዛለሁ እንጂ በየመሃሉ መነቅነቁን አላውቅም ነበር። ይኼ ስፔሰር የሚባለው ለሽማግሌም ይሆናል እንዴ?

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ይሆናል ጋሼ፣ ያለ ማስክ፣ በአፍ የሚያዘው። ቤት ይቀመጥ፣ ኪስ ውስጥ አይግባ።

የናቲ እናት

የመጨረሻ ጥያቄ። ጣሳዋን ካላንሳፈፍኳት ማለቋን በምን አውቃለሁ? የእኔዋ ቁጥር የሚያሳይ ነገር የላትም። ስነቀንቃት አሁንም ፈሳሽ ይሰማኛል።

ሲስተር ከሕፃናት ክፍል

ድምፁ አያስተማምንም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም የሚገፋው ጋዝ ይቀራል፣ ይረጫል፣ ይንሿሿል። ጣሳዋ ላይ ስንት መጠን እንዳላት ተጽፏል፣ አብዛኛውን ጊዜ 200 ነው። በቀን 4 ጊዜ ሁለት ሁለት ከሆነ በቀን 8 ነው፣ 200ውን ለ8 ስታካፍዪው 25 ቀን። መጀመሪያ ወደ አየር የረጨሻትንም ቀንሺ። ሲር ሲር ሲለው ብቻ መስጠት ስትጀምሪ ደግሞ ካርቶኑ ላይ በእስክሪፕቶ ጭረት አድርጊ፣ ሞግዚቷም ታድርግ።

ጭረቱ በአንድ ወር ወይም በሁለት ወር ውስጥ 200 እየሞላ ከሆነ ግን ሌላ ጣሳ ገዝተሽ አትቀጥዪ። ልጁ የመከላከያውን ዓይነት ሊያስፈልገው ስለሚችል ካርቶኑን ይዘሽ ወደ ሐኪሙ ሂጂ።